ወተት ለማይስማማት ልጅ፣ ለመምህሯ የሚጻፍ ደብዳቤ

«ልጄ ወተት አይስማማትም» የሚል አንድ መስመር ለመምህሯ መላክ በቂ የሚመስላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። ከዚያች መስመር መምህሯ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊረዱ ይችላሉ። ወይ ቅቤ የነካውን ሁሉ ከልጅቱ ፊት ያነሣሉ፣ ወይ ደግሞ ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች ብለው ይተዉታል። ጥሩ ደብዳቤ የሚባለው ምን፣ ምን ያህል እና ከዚያ በኋላ ምን የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልስ ነው።

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን የሚመነጨው ከትንሹ አንጀት ግድግዳ ነው። በብዙ ሰዎች ዘንድ ጡት ከጣሉ በኋላ ባሉት ዓመታት ኢንዛይሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ሳይፈጭ የቀረው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎችም እያብላሉት ጋዝ ያወጣሉ። ሆድ የሚነፋው፣ የሚቆርጠውና ተቅማጥ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ የምሳው መዘዝ የሚታየው ከሰዓት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ነው።

አለርጂ ግን ሌላ ነው። በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የሚቆጣው በወተቱ ፕሮቲን ላይ ስለሆነ ጠብታዋም አደገኛ ልትሆን ትችላለች። ላክቶስ የማይስማማት ልጅን የሚጎዳት መጠኑ ነው፤ በአንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ 12 ግራም ያህል ላክቶስ አለ። ይህ ልዩነት በደብዳቤው ውስጥ ካልሰፈረ ሌላው ዝርዝር ሁሉ ትርጉም ያጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ለምትማር፣ ምሳ ዕቃ ይዛ ለምትሄድ ልጅ ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለተከበሩ የሁለተኛ ክፍል መምህርት፤ ልጃችን ላክቶስ እንደማይስማማት ሐኪም አረጋግጦልናል። አለርጂ አይደለም፤ ጓደኞቿ አጠገቧ ወተት ቢጠጡም ሆነ ማንኪያ ቢዋዋሱ ምንም አትሆንም። ወተት፣ ሩዝ በወተት፣ አይስክሬም፣ የክሬም ኬክ እና ነጭ ሶስ ያለው ላዛኛ እንዳትበላ ይርዱን። ከጓደኛዋ ምሳ ተካፍላ ብትበላ ይንገሩን እንጂ አይቆጧት። ጨጨብሳ በቅቤ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ፓስታ በቲማቲም ይስማሟታል። ከምሳ በኋላ ሆዷን ካመማት ሽንት ቤት ለመሄድ እጇን አውጥታ እስኪፈቀድላት ባትጠብቅ ደስ ይለናል። ፊቷ ካበጠ፣ ሽፍታ ከወጣባት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ይህ ከላክቶስ ስላልሆነ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷትና ይደውሉልን።»

በዚህ ደብዳቤ ቅቤ ያልተከለከለው ሲነጠር ላክቶሱ ከሞላ ጎደል ተለይቶ ስለሚቀር ነው። አይብ ላይም አብዛኛው ስኳር ከአጓቱ ጋር ይወጣል፤ ጎመን ላይ የተነሰነሰ ትንሽ አይብ ብዙዎቹን ልጆች አያውካቸውም። እርጎም ባክቴሪያዎቹ ከፊሉን ስኳር ቀድመው ስለበሉት ከትኩስ ወተት ይሻላል፤ ይሁንና ልጆች እዚህ ላይ ይለያያሉና ቤት ውስጥ በትንሽ በትንሹ ሳይሞከር ምሳ ዕቃ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ወላጆች የሚዘነጉት የዱቄት ወተትን ነው። ከክብደቱ ሲሶ በላይ የሚሆነው ላክቶስ ሆኖ ሳለ በብስኩት፣ በቸኮሌትና በለስላሳ ዳቦ ውስጥ ተደብቆ ይገባል። ከማሸጊያው ጀርባ የተጻፈውን ማንበብ ካልተቻለ የጾም ተብሎ የተሠራውን መግዛት ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ በጾም ምግብ ወተት አይገባምና። የረቡዕና የዓርብ ምሳ ለዚህች ልጅ ቤተሰብ ከሁሉም ቀን የሚቀለው ለዚህ ነው። ወተት በመቀነሷ የሚጎድላትን ካልሲየም በተመለከተ ጤፍና ጎመን ጥሩ ድጋፍ ይሆኗታል።

የደብዳቤው ራስጌ ላይ ቀን መጻፍ አይረሳ። ከባድ ተቅማጥ ወይም ጃርዲያ የአንጀቱን ግድግዳ ጎድቶ ላክቶስን ለጥቂት ሳምንታት የማይስማማ ሊያደርገው ይችላል፤ አንጀቱ ሲያገግም ልጁ ወተቱን መልሶ ይጠጣል። ያለ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ግን ልጁ ከዳነ በኋላም ክፍል ውስጥ ሲከለክለው ይኖራል። ክብደት የምትቀንስ፣ ሰገራዋ ላይ ደም የሚታይ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ልጅ ካለቻችሁ ደግሞ ደብዳቤውን አቆዩትና አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።