ስም ከመጠራቱ በፊት

ውል በማርቀቅና በውል ምክንያት የተጣሉትን በማስማማት ብዙ ዘመን በኖርሁበት በዚህ ጽሕፈት ቤት፣ በእጁ የተማረው ሙያ፣ በኪሱም የቋጠረው ለንግድ መነሻ የሚበቃ ገንዘብ ሳይኖር፣ ነገር ግን ከአቃቂ እስከ ጉለሌ ድረስ ሰላምታ የማይነፍገው ሰው እጅግ የበዛለት ባለጉዳይ አልፎ አልፎ ይመጣል። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከመጡት አንዱ የ57 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት ስለ ተዘጋ ያለ ሥራ ቀርተዋል፣ በሠፈራቸው ግን 19 ዓመት የዕድር ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉ፣ በሰርግም በለቅሶም ሽማግሌ ተብለው የሚጠሩ ናቸው። ከተቀመጡ በኋላ፣ «እኔ የማውቀው ሰው ብቻ ነው፤ ሰው ማወቅ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ጥያቄ የጠየቁኝ አንድ ነገር ደርሶባቸው ስለ ነበር ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ የእህል ነጋዴ ወዳጃቸው መጋዘን ቸግሮት ሲያማርር ሰምተው፣ ቡና እየጠጡ ሳሉ በቃሊቲ ባዶ መጋዘን ያለውን የሌላ ወዳጃቸውን ስምና ስልክ ነገሩት። ወር ሳይሞላ በዚያው መጋዘን ደጅ የነጋዴው መኪና እህል ሲያራግፍ አዩ፤ ቀርበውም ስለ ድካማቸው ሲጠይቁ፣ «እኛ እኮ ድሮም እንተዋወቅ ነበር» የሚል መልስ ብቻ አገኙ። የወረቀት ማስረጃ ስላልነበረ ለክስ የሚበቃ ነገር አልነበራቸውም፤ ከገንዘቡም ይልቅ የሁለት ወዳጆች ፊት መቅረቱ ያሳዘናቸው ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ሰዎችን አገናኝቶ ዋጋ የሚቀበለውን ሰው እኛ ደላላ እንለዋለን፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በአማርኛችን ግን «ደለለ» ከሚለው ግስ ጋር ድምፁ ስለ ተመሳሰለ፣ ሥራው ማባበልና ማታለል ብቻ የሆነ ይመስል ስሙ ተዋርዶ ቀርቷል። ሕግ ግን እንዲህ አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ተዋዋዮችን ፈልጎ ማገናኘትን ራሱን የቻለ የንግድ ሙያ አድርጎ ለብቻው ደንግጎት ነበር፤ በራሱ ስም ለሌላ ሰው የሚገዛና የሚሸጠውን ኮሚሲዮኔርንም ከደላላ ለይቶታል። ደላላ ዕቃውን አይገዛም፣ ውሉንም በስሙ አይፈርምም፤ የሚሸጠው ማገናኘቱን ነው። ስለዚህ ለእንግዳዬ የሰጠሁት መልስ፣ እንጀራ ይሆናል፣ ነገር ግን ሰው ማወቅ ብቻውን ገና ጥሬ እህል ነው፣ ሳይፈጭና ሳይጋገር አይበላም የሚል ነበር።

በመጀመሪያ ያዘዝኋቸው ደብተር ገዝተው የሚያውቋቸውን ሰዎች እንዲጽፉ፣ በስም ተራ ግን ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ምን እንዳለው፣ ምን እንደሚፈልግ፣ በምን ወቅት እንደሚፈልግና ገንዘብ ለማውጣት የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ለይተው እንዲጽፉ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው የሚስትበት ነው፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ ወዳጅ አለኝ የሚል ሰው፣ ወዳጁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንጂ ውል የሚፈርም አለመሆኑን የሚረዳው ሦስት ወር ከደከመ በኋላ ነው። ሰውዬው ከሁለት ሳምንት በኋላ 310 ስም የያዘ ደብተር ይዘው ተመለሱ። አብረን ስንመረምረው አብዛኛው በፍቅር የሚታወቅ እንጂ በግብይት የሚፈለግ አልነበረም፤ ነገር ግን 14ቱ በአቃቂና በቃሊቲ አካባቢ መጋዘን ወይም ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ፣ 9ኙም በአስመጪነት፣ በእህል ንግድና በሕንፃ መሣሪያ ንግድ ላይ ያሉ፣ ዕቃ የሚያሳርፉበት ስፍራ በየጊዜው የሚፈልጉ ነበሩ። የጉምሩክ ቅርንጫፍ በቃሊቲ መኖሩ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣውም ጭነት ወደ ከተማው የሚገባው በዚያው በኩል መሆኑ፣ የመጋዘን ፈላጊውን እግር ወደዚያ ይስበዋል። ስለዚህ ቤትም መሬትም መኪናም ላገናኝ ሲሉ የነበሩትን እንግዳዬን፣ መጋዘን ብቻ እንዲይዙ መከርኋቸው፤ ሁሉን የሚያገናኝ ደላላ ስለ አንዱም ሲጠየቅ መልስ የለውምና።

መልስ መኖሩ ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር ነው። መጋዘን የሚከራይ ሰው ስፋቱን ብቻ አይጠይቅም። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና በበሩ ይገባል ወይ፣ ገብቶስ በግቢው ውስጥ ይዞራል ወይ፣ ወይስ ወደ ኋላ እያለ ይወጣል? ወለሉ ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው ወይስ በክረምት ጎርፍ ይገባዋል? ጣሪያው ስንት ሜትር ከፍታ አለው፣ የመብራቱ መስመር ሦስት ፌዝ ነው ወይስ አንድ? እንግዳዬ ሜትር ይዘው በእግራቸው እየዞሩ 14ቱን መጋዘኖች ለክተው፣ የጎርፉን ነገር ከባለቤቱ ሳይሆን ከጥበቃው ጠይቀው፣ ግድግዳው ላይ የቀረውንም የውኃ ምልክት በዓይናቸው አይተው መዘገቡ። ከ14ቱ 3ቱ በዚህ ምርመራ ወደቁ።

ከዚያም የሰነዱ ነገር አለ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በማን ስም እንደ ሆነ፣ ቦታው የተፈቀደበት አገልግሎት ለመጋዘን የሚሆን መሆኑ፣ በባንክ መያዣነት የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ አለመሆኑ፣ ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማቱ፣ የሚያከራየው ወኪል ከሆነም ውክልናው ማከራየትን በግልጽ የሚጨምር መሆኑ ሁሉ ሰው ለማሳየት ከመሄድ በፊት መታየት አለበት። በዚህ ምክንያት 2 ተጨማሪ መጋዘኖች ቀሩ፤ አንደኛው ገና ያልተከፋፈለ የወራሾች ንብረት ነበር፣ ቁልፉን የያዘው ወንድም ብቻውን ሊያከራየው አይችልም። እንዲሁም በከተማችን የተለመደ አንድ ክፉ ነገር አለ፤ አንዱ ደላላ ከሌላው፣ ሌላውም ከሦስተኛው የሰማውን ይዞ ሲዞር፣ አምስት ሰዎች በሰንሰለት ተያይዘው ከአምስቱ አንዱም ባለቤቱን አያውቀውም። ይህን ለመለየት «ባለቤቱን በአካል አግኝተኸዋል? ካርታውንስ አይተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ መልሱ «ነገ አሳይሃለሁ» ከሆነ ጊዜ አያባክኑ ብያቸዋለሁ።

እስኪ ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይህንን ማስታወሻ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው። የደላላ ሀብት የሁለት ሰዎች አለመተዋወቅ ነው፤ ስሙ ከአፉ በወጣበት ቅጽበት ሀብቱ ያልቃል። ስለዚህ ከስሙ አስቀድሞ ወረቀቱ መፈረም አለበት። እኔ ያረቀቅሁላቸው ወረቀት ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ከፋዩ ማን እንደ ሆነና ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ዋጋው የሚገባቸው የኪራዩ ውል በተፈረመ ጊዜ መሆኑን፣ ሥልጣኑ ለ3 ወር እንደሚቆይ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት 6 ወራት ውስጥ ባለቤቱ እርሳቸው ካስተዋወቁት ሰው ጋር ቢዋዋል ክፍያው እንደማይቀር ይናገራል። ከዚህ ጋር መጋዘኑን ሊያይ የሚመጣ ሰው ቀኑን ጽፎ የሚፈርምበት አንድ የጉብኝት ቅጽ አለ፤ «ድሮም እንተዋወቅ ነበር» የሚለው ቃል የሚታሰረው በዚህ ቅጽ ነው፤ ተከራዩ ድሮ ያውቀው ከነበረ ያን ዕለት ይናገራልና።

ይህን ሁሉ ሰምተው ሰውዬው ዝም አሉ፤ ከዚያም፣ «ወዳጄን እንዴት ፈርምልኝ እለዋለሁ? አላመነኝም ይለኛል» አሉኝ። ይሉኝታ ይህን ሥራ ከማናቸውም ችግር ይልቅ እንደሚጥለው ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ሰው በብዛት የሚያውቅ ሰው ይሉኝታውም በዚያው ልክ ብዙ ነው። እኔም፣ «ለወዳጅዎ፣ ዛሬ ሥራ ጀምሬአለሁ፣ ለሁሉም የማቀርበው ወረቀት ይህ ነው፣ አንተንም ለይቼ አልተውህም ይበሉት፤ ያለ ክፍያ ሊረዱት ከወደዱም በግልጽ በነጻ ነው ይበሉት፣ ነገር ግን ዝም ብለው በልብዎ ተስፋ አያድርጉ» አልኋቸው። በልብ የተያዘ ተስፋ ሳይከፈል ሲቀር ቂም ይሆናል፤ ወዳጅነትን ያፈረሰው ወረቀቱ ሳይሆን የወረቀቱ አለመኖር እንደ ሆነ በቡናው ላይ የተነገረው ስም ራሱ ምስክር ነው።

ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በኅዳር አወጡ። ይህንንም አስቀድሜ ያልኋቸው፣ ድርጅት የሆነ ተከራይ ወይም አከራይ ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይቀበል ገንዘብ ስለማያወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ባዶ ነበሩ። በታኅሣሥ አንድ አስመጪ ሊፈርም ሲል ዕቃው በወደብ ዘግይቶ ተወው፤ በየካቲት ሌላው መብራቱ አይበቃኝም ብሎ ሄደ። የታክሲና የስልክ ወጪያቸው በእነዚያ ወራት 22,000 ብር ደርሶ ነበር፤ ለዚህ የሚሆን ትንሽ ቁጠባ ባይኖራቸው ኖሮ በጥር ወር ይተዉት ነበር፣ ይህንን ሥራ ያለ አንድም ስንቅ የሚጀምር ሰው ሁሉ ይህን አስቀድሞ ያስብ። በመጋቢት አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ 800 ካሬ ሜትር የሆነውን መጋዘን በካሬ ሜትር 200 ብር ሂሳብ፣ በወር 160,000 ብር ለመከራየት ተስማማ፤ ውሉም ለሁለት ዓመት ተፈረመ። ከባለቤቱ ጋር የተጻፈው የአንድ ወር ኪራይ ስለ ነበረ፣ ግብሩ ገና ሳይነሣ 160,000 ብር ተቀበሉ። ከተከራዩ ምንም አልወሰዱም፤ ሊወስዱ ቢወዱ ኖሮ ለሁለቱም ወገን በግልጽ አስታውቀው መሆን ነበረበት፤ ከሁለቱም በስውር የሚቀበል ደላላ አንድ ቀን ሲገለጥበት ደብተሩ ሁሉ ይሰረዛል።

አንድ ጊዜ ብቻ አጥብቄ ከለከልኋቸው። በአንድ የውርስ ክርክር ሽማግሌ ሆነው በተቀመጡበት ቤት፣ ባልዋ የሞተባት ሴት በጭንቀት ግቢዋን በማናቸውም ዋጋ ልትሸጥ እንደምታስብ ስትናገር ሰሙ፤ ገዢ የሚሆንም ሰው ያውቁ ነበር። በሽምግልና የተሰማ ነገር ምሥጢር ነው፤ እርሷ የተናገረችው ለደላላ ሳይሆን ለአስታራቂ ነው። ይህንን ስነግራቸው ደብተራቸውን አወጡ፣ የጻፉትንም ገጽ በፊቴ ሰረዙት።

እንደርሳቸው ሰው ብቻ የምታውቁ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ወደ እኔም ይሁን ወደ ማንኛውም የሕግ ባለሙያ በምትሄዱበት ቀን፣ ማንን እንደምታውቁ ከመናገራችሁ በፊት ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለማንም የማንንም ስም ከመጥራታችሁ በፊትም ያቺን አንድ ገጽ አስፈርሙ።