ሌሊቱን ባትሪውን የሚጨርሰው ማን ነው?

ሲመሽ ሞልቶ የነበረ የሶላር ባትሪ ሊነጋ ሲል አምፖል ማብራት ሲያቅተው ሁሉም «አርጅቷል» ብሎ ይፈርድበታል። ሻጭ ቢጠየቅም መልሱ ያው ነው፤ አዲስ ባትሪ መሸጥ ይሻለዋላ። ዳሩ ግን ጥፋቱ የባትሪው ይሁን የሌላ፣ ቴስተር ያለው ሰው በአንድ ሁለት ሌሊት ሊለየው ይችላል።

ባለ 12 ቮልት፣ 40 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ያለበትን ቤት እንውሰድ። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ4 ሰዓት፣ ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት ቢሠሩ ከባትሪው የሚወጣው 10 አምፔር ሰዓት ያህል ነው፤ ሩቡ ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት 12.4 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት። 12.1 ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ ሄዷል። ማን ወሰደው?

ባትሪው ቀን በደንብ ከሞላ በኋላ፣ ማታ መጀመሪያ የፓነሉን፣ ቀጥሎ የባትሪውን ገመዶች ይንቀሉ። ሁለት ሰዓት ያህል አሳርፈው ይለኩት፤ 12.7 ገደማ ካላሳየ ድሮውንም አልሞላም፤ የፓነሉን አቧራና የክረምቱን ደመና ይጠርጥሩ። ሞልቶ ከነበረ ጠዋት ደግመው ይለኩ። ምንም ሳይሠራ ወደ 12.3 ከወረደ ሕመሙ ከውስጡ ነው። ካልወረደ ሌባው ውጭ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን ገና አንድ ፈተና ይቀረዋል።

ሌባውን ለመያዝ ሁሉንም ነገር አጥፍተው ቴስተሩን በ10 አምፔር መለኪያው ላይ ያድርጉና በባትሪው ኔጌቲቭና ከእሱ በተነቀለው ገመድ መካከል ያስገቡት። በሁለቱ የባትሪ ጫፎች ላይ በቀጥታ እንዳያሳርፉት፣ ፊውዙ ይቃጠላል። በብዙ ቤት የሚገኘው ኢንቨርተሩ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም እሱ ራሱ 0.6 አምፔር፣ ቀይ መብራቱ የሚታየው የዲሽ ሪሲቨር ደግሞ 0.3 ቢወስዱ በ12 ሰዓት ወደ 11 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ቤተሰቡ አውቆ ከተጠቀመበት ይበልጣል!

የቀረው ፈተና የባትሪው አቅም ነው፤ ያረጀ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ቮልቱን ይዞ ሊያድር ይችላልና። የመኪና ፍሬቻ ባለ 21 ዋት አምፖል ከሞላው ባትሪ ጋር ብቻውን ያገናኙ። 40 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ጤነኛ ባትሪ 12 ሰዓት ያህል አብርቶ፣ አምፖሉ ተነቅሎ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.2 ቮልት አካባቢ ይገኛል። እዚያው የደረሰው በ6 ሰዓት ከሆነ አቅሙ በግማሽ ቀንሷል፤ መቀየር አለበት። ይህ ሁሉ ቁጥር ለሊቲየም ባትሪ አይሠራም፤ የሱ ቮልት እስከ መጨረሻው ብዙም አይወርድም።

ኢንቨርተሩ በኮንትሮለሩ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ከተያያዘ ባትሪው ሲደክም ኮንትሮለሩ ሊያቋርጠው አይችልም። ስለዚህ ማታ ማታ በራሱ ማብሪያ ያጥፉት፤ አለበለዚያ አዲሱም ባትሪ በቶሎ ያረጃል።