ፈላጊው የጻፈውና የፈለገው፦ ስለ ኢንተርኔት ፍለጋ ተረትና እውነታ

ተረት፦ ጥሩ መፈለጊያ ማለት የጻፍነውን ቃል አጥርቶ የያዘውን ገጽ ከላይ የሚያስቀምጥ ነው።

እውነታ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 2010 ሪድራይትዌብ የተባለ የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ ስለ ፌስቡክ መግቢያ አገልግሎት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ትኩስ ነበር፤ ስለ ፌስቡክም ስለ ሎግኢንም በግልጽ ያወራል። በዚህም የተነሳ ጉግል ላይ facebook login ብለው ለሚጽፉ ሰዎች ከውጤቶቹ አናት ላይ ወጣላቸው። ችግሩ፣ እነዚህ ሰዎች ዜና አላማራቸውም። በየቀኑ ፌስቡክን የሚከፍቱት እንዲህ ነው፤ ሁለት ቃል ጽፈው የመጀመሪያውን ይጫናሉ። ያን ቀንም ተጫኑና ዜናው ውስጥ ገቡ። ፌስቡክ መልኩን የቀየረ መስሏቸው «የድሮውን መልሱልን» እያሉ ከጽሑፉ ሥር ያማርሩ ጀመር። እዚያ አስተያየት ለመስጠት በፌስቡክ አካውንት መግባት ይቻል ስለነበር ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። በመጨረሻ አዘጋጆቹ «ይህ ፌስቡክ አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ ጽሑፉ መሀል ለመለጠፍ ተገደዱ።

ብዙ ሰው በተጠቃሚዎቹ ሳቀ። እኔ ግን ጥፋቱ የእነሱ አይመስለኝም፤ ዓላማቸውን ያልለየው መፈለጊያው ነው። በአልታቪስታ መፈለጊያ ላይ ይሠራ የነበረው አንድሬ ብሮደር ፍለጋዎችን በዓላማቸው በሦስት የከፈለበትን ጥናት ያወጣው ከዚያ በፊት፣ በ2002 ነው። አንዱ ፈላጊ የሚያውቀው ቦታ መድረስ ይፈልጋል፤ ይህ ናቪጌሽናል ይባላል። ሌላው ማወቅ ይፈልጋል፤ ኢንፎርሜሽናል ነው። ሦስተኛው እዚያው ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል፤ ትራንዛክሽናል ነው። ብሮደር ከአልታቪስታ መዝገብ ባያቸው ፍለጋዎች ውስጥ የማወቅ ፍላጎት ያላቸው ግማሽ እንኳ አልሞሉም።

ቦታ ለመድረስ የሚፈልግ ሰው ትክክለኛ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱ የሚለካውም በዚያ አንድ ገጽ ደረጃ ነው፦ አንደኛ ከወጣ ሙሉ ነጥብ፣ ሁለተኛ ከሆነ ግማሽ፣ ሦስተኛ ከሆነ ሲሶ። ከሥር የተደረደሩት ዘጠኝ ገጾች የቱንም ያህል ግሩም ቢሆኑ ነጥብ አይጨምሩም። ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ስለ ደም ግፊት የሚያነብ ሰው ሦስት አራት ገጽ ማገላበጡ አይቀርም፤ ያገላበጣቸው ሁሉ አንድ ነገር የሚደጋግሙ ከሆነ አንዱን ብቻ እንዳገኘ ይቆጠራል።

ተረት፦ ከእያንዳንዱ ውጤት ሥር ያለው መግለጫ በረዘመ ቁጥር ፈላጊው ይጠቀማል።

እውነታ፦ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2007 ባወጡት ጥናት የሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትለው ነበር። ረጅም መግለጫ ማወቅ የሚፈልጉትን ረዳቸው፤ አንድ ድረ ገጽ የሚፈልጉትን ግን ጎዳቸው። መግለጫው ሲረዝም ዓይናቸው እሱ ላይ ቀረ፣ የገጹን አድራሻ ማየት ተዉ። ለእነሱ ደግሞ ዋናው ምልክት አድራሻው ነበር።

ተረት፦ ትራንዛክሽናል ማለት መግዛት ነው።

እውነታ፦ መግዛት አንዱ ብቻ ነው። መተግበሪያ ማውረድና ቅጽ መሙላትም እዚሁ ይገባሉ። የዚህ ፈላጊ ውጤት ላይ መታየት ያለበት ሥራው የሚጀመርበት ቦታ ነው። ስለ ማውረድ የሚያብራራ ረጅም ጽሑፍ ከማውረጃው በላይ ከተቀመጠ መንገድ መዝጋት ነው።

ተረት፦ ዓላማው ከተጻፈው ቃል ይታወቃል።

እውነታ፦ «ቴሌብር ማውረድ» ብሎ የጻፈ ሰው ግልጽ ነው። «ቴሌብር» ብቻ ብሎ የጻፈውስ? መተግበሪያውን ሊጭን፣ የኢትዮ ቴሌኮምን ገጽ ሊከፍት፣ ወይም የረሳውን የሚስጥር ቁጥር እንዴት እንደሚቀይር ሊያውቅ ይችላል። መፈለጊያዎች እዚህ ላይ የሚያዩት ከእሱ በፊት ያንኑ ቃል የጻፉ ሰዎች የተጫኑትን ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ገጽ ላይ ከተሰበሰቡ ቦታ ፍለጋ ነው፤ ከተበታተኑ ወይ ማወቅ ነው ወይ ፍላጎቱ የተቀላቀለ ነው።

ነገር ግን የተጫነ ሁሉ ረክቷል ማለት አይደለም። በሪድራይትዌብ ጽሑፍ ላይም ብዙ ሰው ተጭኖ ነበር፣ አንደኛ ስለተቀመጠ ብቻ። ስለዚህ ከተጫነ በኋላ የሆነው ይታያል፦ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ሌላ ከተጫነ ወይም ጥያቄውን አሻሽሎ ከጻፈ አላገኘም ማለት ነው። ምንም ሳይጫን መሄድም ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም፤ የነገውን የአየር ሁኔታ የጠየቀ ሰው መልሱን እዚያው አንብቦ ይሄዳል። ጥቂት ሰው ብቻ በሚጽፋቸው ፍለጋዎች ላይ፣ አማርኛ ውስጥም እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው፣ ይህ ሁሉ ምልክት ይሳሳል። ያኔ የሚያዋጣው አንዱን ዓላማ ገምቶ አሥሩንም ውጤት ለእሱ ከመስጠት ይልቅ ማደባለቅ ነው፦ ከላይ የአገልግሎቱ ባለቤት ገጽ፣ ቀጥሎ ማውረጃው፣ ከዚያ ማብራሪያዎቹ።