በር፣ መዝጊያ፣ መቃን፦ በአንድ የብረት በር የሥራ መልእክት ውስጥ ስለሚገኙ የልክ ቃላት

ሙያዊ ቃላትን ለማሰባሰብና ለመሰየም በሚደረገው ጥረት ብዙውን ጊዜ ትኩረታችን የሚያርፈው አማርኛ ስም የሌለውን ነገር በመፈለግ ላይ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናቀርበው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የምንመረምረው ሁሉም ቃላት የታወቁበትን፣ አዲስ ስያሜም የማይሻውን፣ ነገር ግን በተቀባዩ ዘንድ በበርካታ መንገድ ሊተረጎም የሚችለውን አንድ ተራ የሥራ መልእክት ነው። መልእክቱን ለማብራሪያ እንዲያመች ያቀናበርነው እኛው ስንሆን፣ ላኪው የአንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ባለቤት፣ ተቀባዩም በግሉ የሚሠራ ንድፍ አውጪ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ላለ አንድ ግቢ የብረት በር ስለምንሠራ ንድፍ ያስፈልገናል። የበሩ ስፋት 380፣ ቁመቱ 220 ነው። ሁለት ተከፋች ይሁን፤ የዘወትር መግቢያው በግራ በኩል ያለው ነው። መቃኑ ባለ 60፣ ክፈፉ ባለ 40 ቱቦላሬ፣ ፊቱ ላሜራ ይሆናል። ቦታው አቀበት ስለሆነ ይታሰብበት። ንድፉን እስከ ዓርብ ይላኩልኝ።»

መልእክቱን ያነበበ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የውጭ ቃላቱን ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ከኢጣልያንኛ የመጡት «ቱቦላሬ» እና «ላሜራ» በብረት ሠራተኞች ዘንድ ትርጉማቸው የተወሰነ ነው። የመጀመሪያው ባለ አራት ማዕዘን ክፍት ብረት፣ ሁለተኛውም ዝርግ ቆርቆሮ ብረት መሆኑን ሻጩም፣ በያጁም፣ ነዳፊውም ያውቃሉ። ችግር የሚፈጥሩት የራሳችን ቃላት፣ ይኸውም «በር»፣ «ስፋት»፣ «ግራ» እና «አቀበት» ናቸው።

በመጀመሪያ «በር» የሚለውን እንመልከት። አማርኛ በጥንቱ የቤት አሠራር ለመግቢያው ክፍተትና ለሚዘጋው ነገር ሁለት ቃላት አሉት። «በር» መግቢያው፣ «መዝጊያ» ደግሞ መግቢያውን የሚከድነው ሳንቃ ነው። ግራና ቀኝ የሚቆሙት «መቃን»፣ ከላይ የሚጋደመው «ጉበን» ይባላል። እነዚህን ሁለቱን የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ከዘጸአት ምዕራፍ 12 ያውቃቸዋል። በዛሬው የከተማ አነጋገር ግን «በር» መዝጊያውን ጠቅልሎ ወስዶታል። «በሩን ቀቡት» የሚል ሰው መዝጊያውን፣ «በሩ ላይ ቆሞ አየሁት» የሚል ሰው መግቢያውን ማለቱ እንደሆነ ዐውዱ ይነግረናል። «የበሩ ስፋት 380 ነው» ሲባል ግን ዐውዱ ዝም ይላል።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ምን እንደሆነ በስሌት ማሳየት ይቻላል። ቁጥሩ በሳንቲ ሜትር ነው እንበል። መቃኑ በየጎኑ 6 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። መዝጊያው በማጠፊያው በኩል በየጎኑ 2፣ ሁለቱ መዝጊያዎች በሚገናኙበት መካከል 1 ሳንቲ ሜትር መፈናፈኛ ይሻል፤ ድምሩ 5 ነው። 380 ማለት ልስናቸው ባለቀ ሁለት ዓምዶች መካከል ያለው ክፍተት ከሆነ፣ 12 እና 5 ተቀንሶ 363 ይቀራል፤ እያንዳንዱ መዝጊያም 181.5 ይሆናል። ቁጥሩ በመቃንና በመቃን መካከል ያለው ክፍተት ከሆነ ግን የሚቀነሰው 5 ብቻ ስለሆነ መዝጊያው 187.5 ይደርሳል። ዓምዶቹ ገና ካልተለሰኑና ልስኑ በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር የሚወስድ ከሆነ ደግሞ መዝጊያው ወደ 179.5 ይወርዳል።

እንግዲህ አንድ ቁጥር ሦስት የተለያዩ በሮችን ወለደ ማለት ነው። ስሕተቶቹ በክብደታቸው እኩል አይደሉም። እውነተኛው ልክ 181.5 ሆኖ ሳለ በ179.5 የተሠራ ጥንድ መዝጊያ በድምሩ 4 ሳንቲ ሜትር ቢያጥርም፣ ጠርዙ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ተበይዶ ይታረማል። በ187.5 የተሠራው ግን ከነጭራሹ አይገባም። ክፈፉ ተቆርጦ፣ ላሜራው ተልጦ፣ እንደገና መበየድና መቀባት ይኖርበታል። ስለዚህም ነዳፊው ሲጠራጠር ትንሹን ልክ ቢገምት ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ፤ እኛ ግን መጠየቁን እንመርጣለን።

«ስፋት» የሚለው ቃል ሌላ ጉዳይ ያስነሣል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት የአራት ማዕዘን «ስፋት» የሚባለው ርዝመቱ በወርዱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በሥራ ቤት ግን «ስፋት» አግድም የተለካ ወርድ ነው። በዚህ መልእክት ላይ ቁጥሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ነዳፊው አይሳሳትም። ነገር ግን ላኪው የላሜራውን ፍጆታ ለማወቅ «ስፋቱ ይገለጽልኝ» ብሎ ቢጨምር፣ አንዱ በሜትር ሌላው በካሬ ሜትር ሊያስብ ይችላል። በመሆኑም በሥራ ሰነድ ላይ ለአግድም ልክ «ወርድ»ን፣ ለተባዛው «ስፋት»ን መጠቀም ተገቢ ይመስለናል። «ባለ 40» የሚለውም እንዲሁ ጎዶሎ ነው። የቱቦላሬው የውጭ ጎን 40 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግረናል እንጂ የግድግዳውን ውፍረት አይገልጽም። ከ1.5 ሚሊ ሜትርና ከ3 ሚሊ ሜትር ብረት የተሠሩ ሁለት ክፈፎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ክብደታቸው ግን አንዱ የሌላው እጥፍ ያህል ነው፤ ማጠፊያውም የሚመረጠው በክብደቱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናያቸው ቃላት የተናጋሪውን አቋቋም በውስጣቸው የያዙ ናቸው። «ግራ» ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አንደኛው መዝጊያ ሲሆን፣ ከግቢው ውስጥ ለሚያይ ሌላኛው ነው። የቤቱ ባለቤት ከውስጥ፣ ብረት ሠሪው ልኩን ሲወስድ ከውጭ ቆመው ይሆናል። የተሳሳተ ግምት ቁልፉንና መወርወሪያውን በተቃራኒው መዝጊያ ላይ ያስቀምጣል። «አቀበት»ም ከዚሁ ወገን ነው። ለሚወጣ ሰው አቀበት የሆነው መንገድ ለሚወርድ ቁልቁለት ነው። ሁለቱም ቃላት መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ ላይ የሚሄደውን ሰው ይገልጻሉ። ለመሬቱ ለራሱ ያለን ቃል «ተዳፋት» ነው።

በእንጦጦ ግርጌ ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። «ቦታው አቀበት ነው» ሲባል መሬቱ ከዓምድ ወደ ዓምድ ሊያዘነብል ይችላል፤ ወይም ከመንገዱ ወደ ግቢው ሊነሣ ይችላል። በመጀመሪያው ሁኔታ የመዝጊያው የታች ጠርዝ ተዳፋቱን ተከትሎ በሰያፍ ወይም በደረጃ መቆረጥ አለበት፤ ካልሆነ በአንድ በኩል ሰፊ ክፍተት ይቀራል። በሁለተኛው ሁኔታ ጠርዙ ቀጥ ያለ ይሆናል፤ የሚያሳስበው አከፋፈቱ ነው። መሬቱ በ1 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር የሚነሣና ከመዝጊያው በታች 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት የተተወ ቢሆን፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት መዝጊያ ጫፉ ግማሽ ሜትር ያህል እንደገባ መሬት ነክቶ ይቆማል። በሩ ሲዘጋ እንከን የለውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊከፈት ሲሞከር ነው።

ግንበኞች ይህን ለመለካት የታወቀ ዘዴ አላቸው። ውሃ በተሞላ ቀጭን የሚያሳይ ጎማ በሁለቱ ዓምዶች ላይ አንድ አግድም መስመር ያሰምራሉ፤ ይህም «ውሃ ልክ» ይባላል። ከዚያ መስመር እስከ መሬቱ ድረስ በግራም፣ በቀኝም፣ ወደ ውስጥም እየገቡ ይለካሉ። «ቁመት 220» የሚለው ቁጥር ትርጉም የሚያገኘውም ከየትኛው ነጥብ እንደተለካ ሲነገር ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቃል «ንድፍ» ነው። «ንድፉን ይላኩልኝ» የተባለ ሰው የአበባውን ጌጥ የሚያሳይ ባለ ቀለም ሥዕል ቢልክ ቃሉን አልጣሰም። በያጁ ግን በዚያ ሥዕል አንድም ብረት ሊቆርጥ አይችልም። ስለዚህ የሚረከበው ነገር በስሙ ብቻ ሳይሆን በይዘቱ መዘርዘር አለበት። ከላይ ባሉት ነጥቦች መሠረት መልእክቱን እንደሚከተለው አርመነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ላለ አንድ ግቢ ለምንሠራው የብረት በር የሥራ ንድፍ እንዲያዘጋጁልን እንፈልጋለን። ልኮቹ ሁሉ በሚሊ ሜትር ናቸው፤ ግራና ቀኝ የተባለው ከመንገድ ሲታይ ነው። ልስናቸው ባለቀ ዓምዶች መካከል ያለው ክፍተት 3800 ነው። መቃኑ በየጎኑ 60 ይይዛል። መዝጊያዎቹ ሁለትና እኩል ይሁኑ፤ በማጠፊያው በኩል 20፣ በመካከል 10 ይተውላቸው። ከመድረኩ እስከ መዝጊያው አናት 2200 ነው፤ ከዚህ ውስጥ የታችኛው 50 ክፍት ይቀራል። የዘወትር መግቢያው የግራው መዝጊያ ነው። ክፈፉ 40 በ40፣ ውፍረቱ 1.5 ቱቦላሬ፣ ፊቱ 1.2 ላሜራ ነው። መሬቱ ከዓምድ ወደ ዓምድ ልዩነት የለውም፤ ወደ ግቢው ግን በ1000 ውስጥ 100 ይነሣል። መዝጊያዎቹ ወደ ውስጥ ስለሚከፈቱ ባለቤቱ 2000 ያህል መሬት ደልድሎ ያስተካክላል። እስከ ዓርብ የምንረከበው፦ አንደኛ፣ ልክ የተጻፈበት የፊት እይታ፤ ሁለተኛ፣ የማጠፊያውና የመወርወሪያው ዝርዝር ጎልቶ የተነሣበት ሥዕል፤ ሦስተኛ፣ የብረቶቹ የቁረጣ ዝርዝር ከርዝመትና ከብዛት ጋር፤ ለንባብ በ.pdf፣ ለማረሚያ በ.dwg።»

በታረመው መልእክት መሠረት የእያንዳንዱ መዝጊያ ወርድ 1815፣ ቁመቱ 2150 ሚሊ ሜትር መሆኑን ነዳፊው ሳይጠይቅ ያሰላዋል። ከዚህም አልፎ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነው የተለመደው ላሜራ በቁመት እንደማይበቃ ስለሚያውቅ መገጣጠሚያው የሚያርፍበትን አግድም ብረት በንድፉ ላይ ያመለክታል። መልእክቱ መርዘሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጨመረው አዲስ ስያሜ አይደለም። የተጨመረው የልኩ መነሻና መድረሻ፣ እንዲሁም የተመልካቹ አቋቋም ነው።

ከዚህ በመነሣት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። «ወርድ»፣ «ቁመት»፣ «ግራ»፣ «አቀበት» ለመሳሰሉት ቃላት የሚሰጠው ፍች «ከየት እስከ የት» ወይም «ከማን አኳያ» የሚለውን መያዝ ይገባዋል። ተርጓሚም እንዲህ ያለ ሰነድ ሲገጥመው «በር» የሚለውን ቃል ከማሳለፉ በፊት መግቢያው ነው ወይስ መዝጊያው ብሎ ላኪውን ይጠይቅ። ላኪው መልሱን ያውቀዋል፤ ሜትሩን ዘርግቶ የለካው እርሱ ነውና።