ዘጠና በመቶ አሸንፎ መክሰር

በውጭ ምንዛሪ ገበያ፣ ማለትም በፎሬክስ፣ አንድ ግብይት ከመከፈቱ በፊት ሦስት ዋጋዎች ተለይተው ሊታወቁ ይገባል። የመጀመሪያው ትሬደሩ የሚገባበት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ግምቱ ካልሰመረ ኪሳራውን ቆርጦ የሚወጣበት፣ ስቶፕ ሎስ የሚባለው ዋጋ ነው። ሦስተኛው ትርፉን ይዞ የሚወጣበት፣ ቴክ ፕሮፊት የሚባለው ነው። ከመግቢያው እስከ ስቶፕ ሎሱ ያለው ርቀት ስጋቱን፣ ከመግቢያው እስከ ቴክ ፕሮፊቱ ያለው ደግሞ የታሰበውን ትርፍ ያሳያል። ትርፉ ለስጋቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የትርፍና የስጋት ምጣኔ ነው።

ለምሳሌ አንድ ትሬደር ዩሮን በዶላር በ1.0850 ገዛ እንበል። ስቶፕ ሎሱን 1.0820 ላይ፣ ቴክ ፕሮፊቱን 1.0910 ላይ አስቀመጠ። በዚህ ጥንድ ላይ አንድ ፒፕ የሚባለው የዋጋው አራተኛ አስርዮሽ አሃዝ ስለሆነ፣ ስጋቱ 30 ፒፕ፣ ትርፉ 60 ፒፕ ነው። ምጣኔው 2 ይሆናል። የገዛው አንድ ሚኒ ሎት፣ ማለትም 10,000 ዩሮ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ፒፕ አንድ ዶላር ያወጣል። ስለዚህ 60 ዶላር ለማግኘት 30 ዶላር አደጋ ላይ ጥሏል ማለት ነው።

ከዚህ ቁጥር ተነስቶ እኩል ለመውጣት ከመቶ ስንት ጊዜ ማሸነፍ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ይቻላል። ስጋቱ ለስጋቱና ለትርፉ ድምር ይካፈላል። በምሳሌው 30 ለ90 ሲካፈል 33.3 በመቶ ይመጣል። ይህ ትሬደር ከሦስት ግብይት አንዱን ብቻ ቢያሸንፍ አይከስርም፣ አያተርፍም። ትርፉና ስጋቱ እኩል ሲሆኑ ድንበሩ 50 በመቶ ነው። ትርፉ የስጋቱ ሲሶ ብቻ ሲሆን ድንበሩ ወደ 75 በመቶ ይወጣል። የማሸነፍ መቶኛ ከፍተኛ ነው ወይም ዝቅተኛ ነው የሚባለው ከዚህ ድንበር ጋር ሲተያይ እንጂ ለብቻው አይደለም።

ይህን ለማየት የከፋውን ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። አንድ ትሬደር በእያንዳንዱ ግብይት 10 ፒፕ ሲያተርፍ ይወጣል፤ ስቶፕ ሎሱን ግን 100 ፒፕ ርቀት ላይ ያስቀምጣል። መቶ ጊዜ ገብቶ ዘጠናውን ቢያሸንፍ 900 ፒፕ ይሰበስባል። የተሸነፈባቸው አሥሩ ግን 1,000 ፒፕ ይወስዱበታል። ዘጠና በመቶ አሸንፎ መቶ ፒፕ ከስሯል። እኩል ለመውጣት የሚያስፈልገው 90.9 በመቶ ነበርና።

ከኪሳራው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዘጠና በመቶው ከየት እንደመጣ ነው። ገበያው ምንም አቅጣጫ የሌለው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ዕድል ያለው ነው ብለን እናስብ። ዋጋው ከሩቁ መቶ ፒፕ በፊት ቅርቡን አሥር ፒፕ የመንካት ዕድሉ 100 ለ110 ሲካፈል፣ ማለትም 90.9 በመቶ ነው። ይህ እኩል ለመውጣት ከሚያስፈልገው ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ከተመሳሳይ ርቀቶች የሚመነጩ ናቸው። ስለ ገበያው ምንም የማያውቅ ሰው በጭፍን እየገባ፣ ስቶፕ ሎሱን አርቆ ቴክ ፕሮፊቱን በማቅረብ ብቻ፣ ከአሥር ግብይት ዘጠኙን ሊያሸንፍ ይችላል። በተቃራኒው ቴክ ፕሮፊቱን አሥር እጥፍ አርቆ የሚያማልል ምጣኔ የሚጽፍ ሰው የማሸነፍ መቶኛው በዚያው ልክ ወደ ዘጠኝ በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ምጣኔውም ለብቻው ዋስትና አይሰጥም። የትሬደሩ እውነተኛ ብልጫ የሚታየው የማሸነፍ መቶኛው ርቀቶቹ በራሳቸው ከሚሰጡት በላይ በሆነበት መጠን ነው።

በተግባር የሆነውን ኤፍኤክስሲኤም የተባለው የምንዛሪ ደላላ የራሱን ደንበኞች መዝገብ መርምሮ አሳይቷል። ጥናቱ ከ43 ሚሊዮን በላይ እውነተኛ ግብይቶችን ያካተተ ሲሆን፣ በዩሮና በዶላር ጥንድ ላይ ከተደረጉት 61 በመቶዎቹ በትርፍ የተዘጉ ነበሩ። ሆኖም አማካይ ትርፉ 48 ፒፕ፣ አማካይ ኪሳራው 83 ፒፕ ነበር። መቶ ግብይት ቢታሰብ፣ 61ዱ አሸናፊዎች 2,928 ፒፕ ያስገባሉ፤ 39ኙ ተሸናፊዎች 3,237 ፒፕ ያስወጣሉ። ልዩነቱ 309 ፒፕ ኪሳራ ነው፤ በአንድ ግብይት ሦስት ፒፕ ገደማ። በእነዚህ አማካዮች እኩል ለመውጣት ይፈለግ የነበረው 63.4 በመቶ ነው። ደንበኞቹ ከግማሽ በላይ ጊዜ አቅጣጫውን በትክክል ገምተው ሳለ ገንዘባቸውን ያጡት ሲሳሳቱ በሚከፍሉት መጠን ነው።

ይህ የሰው ጠባይ ከፎሬክስ በፊትም በአክሲዮን ገበያ ታውቋል። ኸርሽ ሼፍሪንና ሜየር ስታትማን በ1985 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰዎች ያተረፈውን ቶሎ የመሸጥና የከሰረውን ይዞ የመቆየት ዝንባሌ እንዳላቸው አስረድተዋል። ቴረንስ ኦዲን በ1998 የ10,000 ደንበኞችን ሒሳብ መርምሮ ይህንኑ አረጋገጠ። ኪሳራ እስካልተዘጋ ድረስ ገና ያልተከሰረ ይመስላል፤ ትርፍ ደግሞ ካልተያዘ የሚያመልጥ ይመስላል።

ዝንባሌው ሒሳቡን እንዴት እንደሚያበላሽ ለማየት ወደ መጀመሪያው ትሬደር እንመለስ። እቅዱ 30 ፒፕ ከስሮ 60 ፒፕ ማትረፍ ነበር። ዋጋው 25 ፒፕ ሲያተርፍለት ፈራና ዘጋው። በሌላ ቀን ዋጋው ወደ ስቶፕ ሎሱ ሲቀርብ ይመለሳል በሚል ተስፋ ስቶፕ ሎሱን 60 ፒፕ ድረስ ገፋው። ይህን ልማድ ካደረገው ወረቀቱ ላይ 2 የነበረው ምጣኔ ወደ 0.42 ይወርዳል፤ የሚያስፈልገው የማሸነፍ መቶኛ ደግሞ ከ33 ወደ 71 ገደማ ይዘላል። አሳሳቹ ነገር በዚያው ጊዜ የማሸነፍ መቶኛው በእርግጥም መጨመሩ ነው። ትርፉን ስላቀረበና ኪሳራውን ስላራቀ ብዙ ግብይቶች በአረንጓዴ ይዘጋሉ፤ እሱም እየተሻሻለ እንደሆነ ያምናል። ስለዚህ ለስሌት የሚያገለግለው በእቅድ የተጻፈው ምጣኔ አይደለም፤ ከተዘጉት ግብይቶች መዝገብ የሚወጣው አማካይ ትርፍና አማካይ ኪሳራ ነው።

በቴሌግራም ሲግናል የሚሸጡ ቻናሎች የሚለጥፉት ከፍተኛ መቶኛም በዚህ ዓይን ሊመረመር ይገባል። የተለመደው አሠራር ለአንድ ግብይት ሁለት ሦስት ቴክ ፕሮፊት መስጠት ነው። ዋጋው ቅርቡን ነክቶ ቢመለስ እንኳ ግብይቱ እንዳሸነፈ ይቆጠራል፤ ገና ያልተዘጋው ኪሳራ ግን ቆጠራው ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚያጋልጡት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ አማካይ ኪሳራው ስንት ነው? ትልቁ ኪሳራ ስንት ነው? አሁን ተከፍተው ያሉት ግብይቶች በምን ያህል ቀይ ናቸው? መልስ ካልተገኘ መቶኛው ምንም አይነግርም።

የግብይት ወጪም በስሌቱ መግባት አለበት። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ስፕሬድ የሚባለው፣ 1.5 ፒፕ ቢሆን ከትርፉ ላይ ይቀነሳል፣ በስጋቱ ላይ ይደመራል። 30 ፒፕ ስጋትና 60 ፒፕ ትርፍ ላለው ምሳሌ ምጣኔው ከ2 ወደ 1.86 ዝቅ ቢል ነው፤ ይህ ይቻላል። ለ5 ፒፕ ትርፍ 5 ፒፕ የሚያሲዝ ፈጣን ትሬደር ግን በተግባር 3.5 ፒፕ ለማግኘት 6.5 ፒፕ ያሲዛል። ከመቶ 50 ይበቃኛል ያለው ሰው 65 ማሸነፍ ይጠበቅበታል።

ስሌቱ ኪሳራው ስቶፕ ሎሱ ላይ ይቆማል ብሎ ይነሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይቆምም። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ከመስከረም 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይከላከል ነበር። ዋጋው ወደዚያ ወለል በተጠጋ ቁጥር ዩሮ መግዛት ከሦስት ዓመት በላይ ደጋግሞ ያተረፈ፣ በማሸነፍ መቶኛው እንከን የማይወጣለት ዘዴ ሆነ። ጥር 15 ቀን 2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባንኩ ሳይታሰብ ወለሉን አነሳ። ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። በመሃል ገዢ ስላልነበረ 1.1990 ላይ የተቀመጡ ስቶፕ ሎሶች በዚያ ዋጋ አልተፈጸሙም፤ ሃያ ፒፕ ይሆናል የተባለው ስጋት ለብዙዎች ከሺህ ፒፕ በላይ ሆነ። የኤፍኤክስሲኤም ደንበኞች ካስቀመጡት ገንዘብ በላይ ከስረው 225 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ውስጥ ገቡ፤ አልፓሪ ዩኬ የተባለው ደላላ ደግሞ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ተዘጋ። የሦስት ዓመቱ መዝገብ ይህን ቀን አልያዘም ነበር።

በሌላው ጫፍ፣ ትንሽ እያሸነፈ የሚያተርፍ ዘዴ የራሱ ፈተና አለው። ምጣኔው 2 ሆኖ 40 በመቶ የሚያሸንፍ ትሬደር በአንድ ግብይት በአማካይ የስጋቱን 20 በመቶ ያተርፋል። ስጋቱ 30 ዶላር ከሆነ 6 ዶላር ማለት ነው። ነገር ግን በመቶ ግብይት ውስጥ ስድስት ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ ለእሱ ሊጠበቅ የሚገባ ነገር ነው። በየግብይቱ የሒሳቡን 1 በመቶ የሚያሲዝ ከሆነ ስድስቱ ሽንፈት 6 በመቶ ገደማ ይወስዱበታል። 10 በመቶ የሚያሲዝ ከሆነ ግን ሒሳቡ በግማሽ ሊቀንስ ጥቂት ይቀረዋል፤ ዘዴው ትርፋማ ቢሆንም ብዙዎች የሚተዉት እዚህ ላይ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች እምነት የሚጣልባቸው መዝገቡ ሲረዝም ነው። ምንም ብልጫ የሌለው፣ እንደ ሳንቲም ውርወራ 50 በመቶ ዕድል ያለው ሰው እንኳ ከ20 ግብይት 12ቱን ወይም ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በመቶ ግብይት 60 ወይም ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉ ግን ወደ 3 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የሃያ ግብይት ውጤት 60 በመቶ ስላሳየ የሎቱን መጠን የሚያሳድግ ትሬደር ዘዴውን ገና አልመዘነውም።