ልብ ከታመመ በኋላ፦ በባልና ሚስት መካከል የሚገባው ፍርሃት

አንድ የ63 ዓመት ሰው ድንገት ደረቱን አሞት ሆስፒታል ገባ፣ የተዘጋው የልቡ ደም ሥር ተከፍቶለት ቤቱ ተመለሰ እንበል። ስለ ጨው፣ ስለ ቅባትና ስለ ሲጋራ በደንብ ተመክሯል። ስለ መኝታ ግን ማንም አላነሳለትም፤ እሱም ለመጠየቅ አፈረ። ሚስቱ ሌሊቱን ትንፋሹን ስታዳምጥ ታድራለች። እጁን ሲዘረጋላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እሱ የጠላችው ይመስለዋል፤ እሷ የፈራችው እንዳይሞትባት ነው።

በግንኙነት ላይ ሳለ ሞተ የሚባል ሰው ወሬው ስለሚገንን፣ ነገሩ በየቀኑ የሚደርስ ይመስላል። በአስከሬን ምርመራ የተደረጉ ጥናቶች ሲታዩ ግን፣ ከመቶ ድንገተኛ ሞቶች ውስጥ በወሲብ ጊዜ የደረሱት ሁለት እንኳ አይሞሉም። ከእነዚህም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከትዳራቸው ውጪ፣ አብዝተው በልተውና ጠጥተው ነበር። ከለመዷት ሚስት ጋር በገዛ ቤት መተኛት ለልብ ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም።

ምን ያህል እንደሚከብድ በቤት መሞከር ይቻላል። ፈጠን ብሎ ሁለት ፎቅ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ካልጨነቀው፣ ከልክ በላይ ትንፋሽ ካላጠረውና ካላዞረው፣ ልቡ ለግንኙነትም አቅም አለው ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ ችግር ያልተከተለው በሽተኛ ምልክት ሳይታይበት መንቀሳቀስ ከቻለ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ጀምሮ ወደ ትዳር ኑሮው መመለስ ይችላል። ደረቱ ተከፍቶ የተቀደደ ከሆነ ግን አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቃል። ደረጃው ላይ ምልክት የታየበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ሌላው ችግር የሚመጣው ሰውነቱ እንቢ ሲለው ነው። ብዙዎች «አርጅቻለሁ» ብለው ይተዉታል። ልብን ያጠበበው በሽታ የብልትንም ደም ሥር ያጠብባል፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒትም ያዳክማል። መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ፣ ይቀየርልኝ ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ይሻላል።

እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ በምስጢር የሚገዛ ቪያግራ ነው። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር ከሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪን ጋር ከተገናኘ የደም ግፊትን በአንዴ ይጥላል፣ ሊገድልም ይችላል። ቪያግራ የወሰደ ሰው ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የወሰደ ደግሞ 48 ሰዓት ናይትሮግሊሰሪን መንካት የለበትም። በዚያ መሀል ደረቱ ከታመመ ወዲያው አቁሞ ሆስፒታል ይሂድ፤ የዋጠውንም ለሐኪሙ ይናገር። እሱ መናገር ካቃተው ሚስቱ ትናገር። ለዚህ ግን አስቀድማ ማወቅ አለባት።