በፎቶ የተላከ የእግር ቁስል፦ ክሊኒኩ ከደብዳቤው ምን ያነብባል?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ የወጣ ቁስል አልሽር ሲለው ለሚከታተለው ክሊኒክ የሚልከው ደብዳቤና ፎቶ በዋናነት ሁለት ነገር ያሳውቃል። አንደኛው ቁስሉ እየጠበበ መሄድ አለመሄዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካልጠበበ ምን ይዞት እንደሆነ የሚጠቁም ፍንጭ ነው። ፎቶ የማያሳየውና በእጅ ተነክቶ ብቻ የሚታወቅም አለ።

ከስኳር ሕመም ጋር 12 ዓመት የኖሩ የ56 ዓመት ሰው እንዲህ ብለው ጻፉ እንበል፦ «ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በቀኝ እግሬ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ ውስጥ እግሬ ላይ ያለው ቁስል እስካሁን አልጠገገም። የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሣሁት ጥቅምት 5 ሲሆን ሁለተኛው የዛሬ፣ የኅዳር 3 ነው። በየቀኑ በንጹሕ ውኃ አጥቤ በጓዝ እሸፍነዋለሁ። ስለማያመኝ ሥራዬን አላቋረጥኩም። ትኩሳት የለኝም። ስኳሬ ጠዋት ጠዋት ከ180 እስከ 210 ነው።»

ደብዳቤው አጭር ቢሆንም ሐኪም የሚፈልገው አብዛኛው ነገር አለበት፦ ቁስሉ ያለበት ቦታ፣ የፎቶዎቹ ቀን፣ በቤት የሚደረግለት እንክብካቤ፣ ሕመምና ትኩሳት መኖር አለመኖሩ፣ የስኳሩ መጠን። ሁለቱ ፎቶዎች የሚነጻጸሩት ግን በአንድ ዓይነት መንገድ ከተነሡ ብቻ ነው። ቁስሉ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ ቅባት ሳይነካው፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ በቀን ብርሃን ይነሣል። እርጥብ ቁስል በፍላሽ ሲነሣ ያብለጨልጭና ቀለሙ ይጠፋል። ስልኩ በጎን ካዘነበለም ቁስሉ ከልኩ ጠብቦ ይታያል። ውስጥ እግርን ራስ ማንሣት ስለሚያስቸግር ሌላ ሰው ቢያነሣው ይሻላል። አንዱ ፎቶ እግሩን በሙሉ፣ ሌላው ቁስሉን ብቻ ከቅርብ ማሳየት አለበት።

ማስመሪያው ባለበት ፎቶ ላይ የቁስሉ ርዝመትና ስፋት ይለካል። በጥቅምቱ ፎቶ ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ሁለቱ ሲባዙ 300 ይሆናሉ። በኅዳሩ ፎቶ 18 በ14፣ ማለትም 252 ሆኗል። በአራት ሳምንት የቀነሰው 16 በመቶ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ቁስል ሕክምና የታወቀ መለኪያ አለ፦ በአራት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ በግማሽ ያልጠበበ ቁስል በ12 ሳምንት ውስጥ የመዳን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ታማሚው «እየተሻለ ነው» ብለው ቢጽፉ እንኳ ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው። ያንኑ እንክብካቤ ከመቀጠል በፊት ቁስሉን የያዘው ምክንያት መፈለግ አለበት።

ከደብዳቤው ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የያዘው «ስለማያመኝ ሥራዬን አላቋረጥኩም» የሚለው ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቮች ይጎዳል። ስሜቱ ያልጠፋ ሰው እግሩ ሲቆስል እያነከሰ ይሄዳል፤ ማነከሱም ቁስሉን ከጫና ያሳርፈዋል። ስሜት የሌለው እግር ግን በየእርምጃው የሰውነትን ክብደት በቁስሉ ላይ ያሳርፋል። በዙሪያው ያለው ቆዳ ደንድኖ ይጠጥራል፤ የጠጠረው ቆዳም መልሶ ቁስሉን ይጫነዋል። በፎቶው ላይ በቁስሉ ዳር የሚታየው ወፍራም ነጣ ያለ ቀለበት የዚህ ምልክት ነው። በክሊኒክ ስሜቱ የሚፈተነው የ10 ግራም ጫና በሚያሳርፍ ቀጭን የናይለን ክር ነው። ታማሚው ዓይናቸውን ጨፍነው ክሩ ሲነካቸው ይናገራሉ፤ ካልተሰማቸው የመከላከያው ስሜት ጠፍቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመረመረው የደም ዝውውር ነው። ወደ እግር የሚወርደው የደም ሥር ከጠበበ ቁስሉ የሚድንበትን ኦክስጅን አያገኝም። ሐኪሙ በእግር ጀርባና ከቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጉልላት ኋላ ያለውን ትርታ በጣቱ ይዳስሳል። የቁርጭምጭሚት ደም ግፊት ከክንድ ግፊት ጋር ሲነጻጸር ከ0.9 በታች ከሆነ የደም ሥር መጥበብ አለ። ይሁን እንጂ በብዙ የስኳር ሕሙማን ዘንድ የደም ሥሩ ግድግዳ ስለሚደድር ልኬቱ ያለ አግባብ ጥሩ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የእግር ጣት ግፊት መለካቱ ይበልጥ ያስተማምናል።

ሦስተኛው ማመርቀዝ ነው። እብጠት፣ ሙቀት፣ መቅላት፣ ሕመምና መግል ከታዩት ቢያንስ ሁለቱ ሲኖሩ ቁስሉ አመርቅዟል ይባላል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በፎቶ በቀላሉ አይታይም፤ ሁለቱን እግሮች በእጅ ጀርባ እየነኩ ሙቀታቸውን ማነጻጸር የተሻለ ነው። ላላመረቀዘ ቁስል አንቲባዮቲክ መውሰድ መዳኑን አያፋጥንም።

ጥልቀት ደግሞ ጨርሶ በፎቶ አይለካም። ሐኪሙ ንጹሕ የብረት መመርመሪያ ወደ ቁስሉ አስገብቶ ጠንካራ አጥንት ከነካ የአጥንት ኢንፌክሽንን ይጠረጥራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነሣ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናትም የእግር ቁስልን በስልክ ፎቶ ብቻ መመዘን አስተማማኝ እንዳልሆነ አሳይቷል። ፎቶ ለውጥን ለመከታተል ይጠቅማል እንጂ ምርመራን አይተካም።

እኚህ ሰው ተጠርተው ሲመረመሩ የእግራቸው ትርታ ጥሩ ነበር፤ የማመርቀዝ ምልክት አልነበረም፤ መመርመሪያውም አጥንት አልነካም። የናይለን ክሩ ግን አልተሰማቸውም። ቁስሉን የያዘው ጫና ነበር ማለት ነው። የጠጠረው ቆዳ በሐኪም ተፋቀ፤ እግራቸውም እስከ ጉልበት በጀሶ ተጠቀለለ። ጀሶው ክብደቱን በመላው ውስጥ እግርና በባት ላይ ያከፋፍላል። ይህ ዘዴ በሕንድ ስሜት ላጡ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ያገለግል የነበረ ሲሆን ወደ አሜሪካ ያመጡት ሐኪሙ ፖል ብራንድ ናቸው። ብልጫው ታማሚው ሊያወልቀው አለመቻሉ ነው፤ የሚወልቅ ጫማ ቤት ውስጥ ለጥቂት እርምጃ ሲባል ይወልቃልና። ጀሶው ራሱ ሌላ ቁስል እንዳያወጣ በየጊዜው ተፈትቶ ይታያል። የስኳሩም መድኃኒት ተስተካከለ። ታኅሣሥ 1 በተነሣው ፎቶ ቁስሉ 10 በ9 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ከኅዳሩ 64 በመቶ ቀንሷል።

መልስ እስኪመጣ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ በፍጥነት የሚሰፋ እብጠት፣ መጥፎ ሽታ፣ የጠቆረ ጣት ወይም ያለ ምክንያት በድንገት የሚጨምር ስኳር ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ስሜት የሌለውን እግር በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍም ሳይታወቅ ስለሚያቃጥል መወገድ አለበት።

ቁስሉ ከተዘጋ በኋላም ስሜቱ አይመለስም። ከዳኑት አሥር ሰዎች አራቱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ስለዚህ የዳነ ሰው በየቀኑ ውስጥ እግሩን በመስታወት ወይም በሰው ዓይን ማየት፣ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ መዳሰስና አዲስ ነገር ያየ ዕለት ለክሊኒኩ ማሳወቅ ይኖርበታል።